ጎረቤቶች አብረው እየተራመዱ ስብ የሚቀንሱበትን ውድድር የሚያስጀምር ንግግር፦ ከዝግጅቱ እስከ መጀመሪያው ጉዞ

የማስጀመሪያ ንግግር ጥሩ መሆኑ በዕለቱ በሚሰማው ጭብጨባ አይታወቅም። የሚታወቀው በአራተኛው ሳምንት፣ አየሩ በማይመችበት ጠዋት፣ ስንት ሰው መነሻው ቦታ ላይ እንደተገኘ ሲቆጠር ነው። ሚዛን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቶሎ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ለቀናት ባለበት ይቆማል። "እንራመድ፣ ስቡ ይቀልጣል" ተብሎ የወጣ ሰው እዚያ ላይ ሲደርስ ወይ ዋሽተውኛል ይላል፣ ወይ እኔው ነኝ የማልረባው ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ከቤት ያስቀሩታል።

ስለዚህ ንግግሩ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፦ የሚመጣውን አስቀድሞ በልኩ ተናግሮ፣ ሰዉ የሚቀጥለውን ጉዞ ቀንና ሰዓት ይዞ እንዲሄድ ማድረግ። ከዚህ በታች ይህን የሚያደርግ የስድስት ደቂቃ ንግግር ከነሙሉ ቃሉ እንሠራለን። ምሳሌያችን 24 ጎረቤቶች ያሉበት ቡድን ነው። ዕድሜያቸው ከሃያዎቹ እስከ ስድሳዎቹ ይደርሳል፤ ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት አራት ቀን፣ እስከ 40 ደቂቃ ይራመዳሉ። ተናጋሪዋ የቡድኑ አስተባባሪ ናት።

አንደኛ፦ ከመጻፍዎ በፊት ነጥብ በምን እንደሚሰጥ ይወስኑ

ብዙ ንግግር የሚበላሸው ገና ሳይጻፍ ነው። ደንቡ ካልተቆረጠ ተናጋሪው በጥቅል ቃል ይሞላዋል፤ "እንበርታ፣ እንተጋገዝ" ይልና የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መልስ ያጣል።

ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ደንብ "ብዙ ኪሎ የቀነሰ ያሸንፋል" የሚል ነው። ይህ ደንብ ለጎረቤት አይሆንም። መጀመሪያውኑ ከባድ የሆነ ሰው ያለ ልዩ ጥረት ብዙ ኪሎ ይቀንሳል። ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ ከሴቶች ቀድመው ይወርዳሉ። በመቶኛ ማስላቱ የመጀመሪያውን ችግር ያቃልለዋል እንጂ ሌላውን አይፈታውም፤ ውድድሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ውሃ የማይጠጣ፣ ምግብ የሚዘል፣ ሆድ የሚያስኬድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይኖራል። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ታዲያ የጠፋው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ኪሎው በአደባባይ የተነገረበት ጎረቤት ከውድድሩ በኋላም በዚያው በር እየወጣ እየገባ መኖሩ ነው።

የሚሻለው ነጥቡን በውጤቱ ሳይሆን በሥራው ላይ ማድረግ ነው። በምሳሌያችን አንድ ሰው ለተሳተፈበት ለእያንዳንዱ ጉዞ 1 ነጥብ ያገኛል፤ ይህ በሳምንት 4 ይሆናል። ራሱ የመረጠውን አንድ የአመጋገብ ለውጥ ከሰባቱ ቀናት ቢያንስ በአምስቱ ከፈጸመ አምስተኛውን ነጥብ ይጨምራል። በ12 ሳምንት ሙሉው 60 ነጥብ ነው። 24ቱ ሰዎች በዕጣ ስድስት ቡድን ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን አራት ሰው ይይዛል፤ የሚወዳደረውም የቡድኑ አማካይ ነጥብ ነው። ዕጣ ያልንበት ምክንያት አለ፤ ሰው ራሱ ይምረጥ ከተባለ ፈጣኖቹ አንድ ላይ ይሰበሰባሉ፣ አዲስ የመጡት ደግሞ ብቻቸውን ይቀራሉ። አንድ ደንብ ግን አይርሱ፤ የታመመ ሰው ለዚያ ሳምንት ከአማካዩ ይወጣል። ይህ ካልተባለ ትኩሳት ያለው ሰው ቡድኔን ላለመጉዳት ብሎ ይመጣል።

ክብደትና የወገብ ልክ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ደብተር የሚይዘው ነው፤ ለማንም አያሳይም። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ምግብ ሳይቀምሱ፣ በዚያው ሚዛን መመዘን ይበቃል። ወገብ በየአራት ሳምንቱ ይለካል፤ ሜትሩ የሚያልፈው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው፤ የሚነበበውም ትንፋሽ በተለመደው ሁኔታ ከወጣ በኋላ፣ ሆድ ሳይሳብ ነው። ሁለት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ ይሻላል፤ በሜትሩ አያያዝ ብቻ አንድ ሴንቲ ሜትር መለያየት የተለመደ ነውና።

ሁለተኛ፦ ሒሳቡን ራስዎ ሠርተው ይዩት

ንግግሩ ውስጥ ካሎሪ አይቆጠርም። ተናጋሪው ግን ቁጥሩን ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ የማይሆነውን ቃል ይገባል።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሚያስኬድ ፍጥነት 40 ደቂቃ ቢራመድ፣ ተቀምጦ ቢሆን ከሚያወጣው በላይ 120 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። በሳምንት አራት ቀን 480 ነው፤ በ12 ሳምንት 5,760። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ምንም ሳያጎድል የተራመደ ሰው፣ አበላሉን ካልቀየረ፣ በሦስት ወር የሚቀንሰው ስብ አንድ ኪሎ አይሞላም። ከጉዞው ሲመለስ "ዛሬማ ሠርቻለሁ" ብሎ ትንሽ ጨምሮ ከበላ ደግሞ ያም አይቀርለትም።

አሁን ሌላውን ጎን ይዩት። በቀን አራት ስኒ ትኩስ መጠጥ የሚጠጣና በእያንዳንዱ ላይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ከስኳሩ ብቻ 190 ካሎሪ ገደማ ያገኛል። ይህን ስኳር መተው ከ40 ደቂቃ ጉዞ ይበልጣል፤ የሚደረገውም በየቀኑ ነው። ይህን ሰው ከሌላ ትንሽ ለውጥ ጋር በቀን 300 ካሎሪ እንዲቀንስ ብናደርገው በ84 ቀን 25,200 ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ከ3 ኪሎ ስብ በላይ ነው። ሰውነት ሲቀልል ወጪውም ስለሚቀንስ እውነተኛው ውጤት ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ጉዞውን ስንጨምርበት ከ3 እስከ 4 ኪሎ መጠበቅ ይቻላል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከክብደቱ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ የደም ግፊትና የስኳር ልክ ላይ ለውጥ መታየት የሚጀምርበት መጠን ነው።

ታዲያ መራመዱ ለምን? ንግግሩ ይህን ጥያቄ ካልመለሰ ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ስኳሩን ብቻ ይተዋል። መልሱ ሦስት ነገር ነው። ምግብ ብቻ ቀንሶ የሚከሳ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻም ይጥላል፤ እንቅስቃሴ ጡንቻውን በተወሰነ ደረጃ ይጠብቅለታል። የቀነሱትን መልሶ ላለመጨመር መራመድ ለመቀነስ ከሚያደርገው የበለጠ ይረዳል። ሦስተኛው፣ ለልብና ለደም ሥር ያለው ጥቅም ሚዛኑ ባይነቃነቅም ይገኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ አራቱ ጉዞዎች 160 ይሆናሉ።

ሦስተኛ፦ ንግግሩን ይጻፉ

ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ከሰባት ደቂቃ በኋላ እግሩን መቀያየር ይጀምራል። ስድስት ደቂቃ ጥሩ ልክ ነው። አጻጻፉ እንደሚናገሩት ይሁን፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከጻፉ በኋላ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ይቁረጡት።

መክፈቻው ላይ ተናጋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ይዘረዝራሉ። አያድርጉት። እዚያ የቆመው ሰው ከመምጣቱ በፊት የፈራው ሕመሙን አይደለም፤ ሰው ፊት መመዘኑን ነው፣ ከሌሎቹ ወደ ኋላ መቅረቱን ነው። መጀመሪያ ይህን ፍርሃት ያውርዱለት፦

> እንደምን አደራችሁ ጎረቤቶች። ልምጣ ወይስ ልቅር ስትሉ ያደራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እንኳን መጣችሁ። በዚህ ውድድር ማንም ሰው ፊት አይመዘንም። ኪሎውን የሚጠይቀው የለም። ማንም ወደ ኋላ አይቀርም፤ እንዴት እንደማይቀር ቆይቼ አሳያችኋለሁ። ሥራችን ይህ ነው፦ ለ12 ሳምንት፣ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡30፣ ከዚሁ ከቆምንበት ተነስተን እንራመዳለን፤ በ20 ደቂቃ ጀምረን በሦስተኛው ሳምንት 40 እንደርሳለን።

ቀንና ሰዓቱ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ መነገሩን ያስተውሉ። መጨረሻ ላይ ቢቀመጥ የሚሰማው ግማሹ ሰው ነው፤ ሌላው ከጎኑ ካለው ጋር ማውራት ጀምሯል።

ቀጥሎ የሚመጣው ንግግሩን የሚሸከመው ክፍል ነው፤ ጊዜ ይስጡት፦

> አሁን ደግሞ አንድ እውነት ልንገራችሁ፤ ከወር በኋላ ራሳችሁ ከምትደርሱበት ዛሬ ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል። በእነዚህ ጉዞዎች ብቻ በሦስት ወር የምንቀንሰው ስብ አንድ ኪሎ አይሞላም። ስብ የሚቀንሰው በዋናነት ከምንበላውና ከምንጠጣው ላይ ስናጎድል ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። አንድ ብቻ። ለአንዱ ስኳር ይሆናል፣ ለአንዷ ማታ ከመኝታ በፊት የምትቀምሰው፣ ለሌላው ሁለተኛ ጊዜ የሚጨምረው ሳህን። እኔ አልመርጥላችሁም።
>
> ታዲያ ለምን እንራመዳለን? ስቡ ሲቀንስ ጡንቻችን አብሮ እንዳይሄድ። የቀነስነው ተመልሶ እንዳይመጣ። ሚዛኑ ባይነቃነቅ እንኳ ልባችን እንዲጠቀም። ብቻችንን ብንሆን ደግሞ በዘጠኝ ቀናችን እንደምንተወው ሁላችንም እናውቃለን።

"አንድ ኪሎ አይሞላም" የሚለውን ሲሉ ሰዉ ይሳሳቃል፣ አንዳንዱም ፊቱ ይለወጣል። ደንግጠው ቶሎ አይለፉት፤ ሁለት ሰከንድ ዝም ይበሉ። ይህን ቃል የሚፈራ አስተባባሪ ብዙ ነው፤ ሰዉ ተስፋ ይቆርጣል ይላል። ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን የሰማው ሳይሆን ሳይነገረው የደረሰበት ነው።

ከዚያ ሚዛኑ ምን እንደሚያሳይ አስቀድመው ይንገሩ፦

> በመጀመሪያው ሳምንት አንዳንዶቻችሁ አንድ ኪሎ፣ ምናልባት ከዚያም በላይ ትቀንሳላችሁ። ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን አብዛኛው ውሃ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ሚዛኑ ይቆማል፤ ሊጨምርም ይችላል። ያን ቀን አልሠራልኝም ብላችሁ እንዳትቀሩ። ያን ቀን ይህን ንግግር አስታውሱት፤ ይቆማል ብያችኋለሁ።

ከኋላው ያለውን ምክንያት ለራስዎ ይወቁት፤ ከጉዞው በኋላ ይጠየቃሉና። ሰውነት ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይይዛል። ምግብ ሲቀንስ ክምችቱ ይሟጠጣል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ፈጣን የሆነው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ጨው የበዛበት ምግብ፣ የወር አበባ፣ ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ የሚይዘው ውሃ፣ እነዚህ ሁሉ ሚዛኑን በአንድ ቀን አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ ሊያወጡት ይችላሉ። ስቡ እየቀነሰ ቁጥሩ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወገብን መለካት የጠቀመውም ለዚሁ ነው።

ደንቦቹን በአጭሩ ይናገሩ፦ ነጥቡ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቡድኑ በዕጣ እንደሚወጣ፣ የታመመ ሰው ከአማካይ እንደሚወጣ። አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ዝርዝሩን በወረቀት ይስጡ። ነገር ግን የጤናውን ጉዳይ ለወረቀት አይተዉት፣ በቃል ይናገሩት። ሰው ሁሉ ፊት "እገሌ የስኳር ሕመም አለበትና" እንዳይባልም እንዲህ አድርገው ለሁሉም ይናገሩት፦

> ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የምታጠቡ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆናችሁ፣ ከዚህ በፊት ከምግብ ጋር የተያያዘ ሕመም ያሳለፋችሁ፣ ከእኛ ጋር ተራመዱ እንጂ ምግብ አትቀንሱ። አምስተኛውን ነጥብ በሌላ ልማድ ታገኙታላችሁ፤ በጊዜ መተኛት ለምሳሌ። ማንም ምክንያታችሁን አይጠይቅም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ስትራመዱ ደረታችሁን ከተጫናችሁ ወይም ራሳችሁን ካዞራችሁ ቁሙ፤ አጠገባችሁ ላለው ሰው ንገሩ።

የስኳር መድኃኒት ያልነው በተለይ ለኢንሱሊንና የስኳር ልክን ዝቅ ለሚያደርጉ አንዳንድ ኪኒኖች ነው። መጠኑ ሳይስተካከል ምግብ ቀንሶ መራመድ ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒትም ክብደት እየቀነሰ ሲሄድ የሚወሰደው መጠን ከሚያስፈልገው በላይ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ክፍል ጥያቄ ነው። "ቃል ትገባላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ጩኸት ያመጣል እንጂ ሰው አያመጣም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ለብዙ ዓመታት ያጠናው ዘዴ ይሻላል፦ "ይህ ሲሆን፣ ያን አደርጋለሁ" የሚል ዕቅድ። "እበረታለሁ" ያለ ሰው ማንቂያው ሲጮኽ እንደገና መወሰን ይኖርበታል፤ ማድረጉንና ጊዜውን አንድ ላይ አስሮ የተናገረ ሰው ግን ውሳኔውን ማታ ጨርሶታል። ስለዚህ ሰዉን እዚያው ያናግሩት፦

> አሁን አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ዙሩ። ሁለት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ የሰኞ ጠዋት ማንቂያችሁ ሲጮኽ ወዲያው ምን እንደምታደርጉ። ለምሳሌ፣ "ማንቂያው ሲጮኽ ማታ በር ላይ ያስቀመጥኩትን ጫማ አደርጋለሁ።" ሁለተኛ፣ የመረጣችሁት የምግብ ለውጥ የሚፈተንበትን ሰዓትና ያኔ የምታደርጉትን። አንድ ደቂቃ አላችሁ።

አንድ ደቂቃውን በሰዓት ይያዙት። ጩኸቱ ሳይበርድ እጅዎን ያንሱና ይጨርሱ፦

> የነገራችሁትን ሰው ስም ያዙ። ሰኞ ካላያችሁት ደውሉለት። በሉ፣ እንሂድ።

ከዚህ በኋላ ምንም አይጨምሩ። ምስጋና፣ ማሳሰቢያ፣ "አንድ የረሳሁት" የለም። ተናጋሪው ራሱ መራመድ ይጀምራል፤ ሰዉ ይከተላል።

አራተኛ፦ ከጽሑፉ የሚወጡ ቃላት

ረቂቁን አንድ ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ ይሂዱበት። ስለ ቦርጭ የሚቀልድ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ይውጣ፤ የሚስቁት ቀጫጮቹ ናቸው። "ስንፍናችንን አሸንፈን" የሚለውም ይውጣ፤ ሁለት ሥራ ሠርታ ልጅ የምታሳድግ ሴት መራመድ ያቃታት በስንፍና አይደለም። ፈቃድ ቢሰጥ እንኳ ማንንም ጎረቤት በስሙ ጠርተው "እሱን እዩት፣ እንዴት እንደቀነሰ" አይበሉ። ያ ሰው መልሶ ቢጨምር በየጠዋቱ የሚያየው ያንኑ ሕዝብ ነው። ማመስገን ካለብዎ መገኘትን ያመስግኑ።

"በቀን 10,000 እርምጃ" የሚለውን እንደ ሕግ አድርገው የሚናገሩም አሉ። ቁጥሩ የመጣው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው፤ ከዚያ በታች ያለው እርምጃም ይጠቅማል። 4,000 ላይ ያለን ሰው 10,000 ካልሞላ ከንቱ ነው ብሎ ማሳመን ምን ይረባል?

አምስተኛ፦ አነጋገሩ

ጽሑፉን በሙሉ ይዘው አይቁሙ። በትንሽ ወረቀት ላይ ስድስት ቃል ይጻፉ፦ ፍርሃት፣ እውነት፣ ሚዛን፣ ደንብ፣ ጤና፣ ጥያቄ። በቃል መያዝ ያለበት "አንድ እውነት ልንገራችሁ" የሚለው አንቀጽና የጤናው ክፍል ብቻ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ተዛብተው መነገር የለባቸውም። ከአንድ ቀን በፊት ቆመው፣ ድምፅዎን አውጥተው፣ ሰዓት ይዘው ሦስት ጊዜ ይናገሩት። ከሰባት ደቂቃ ካለፈ የሚቀነሰው ከደንቡ ላይ ነው።

ያለ ማይክራፎን ውጭ ሲናገሩ አቋቋም ከድምፅ ጉልበት ይበልጣል። ፀሐይዋ በእርስዎ ፊት ትሁን እንጂ በአድማጩ ዓይን ላይ አትሁን። ነፋሱ ከጀርባዎ ወደ እነሱ ይንፈስ። ሰዉን በግማሽ ክብ ያቁሙት፤ ከሦስት ረድፍ በላይ ከሆነ ፊተኞቹን ጥቂት እርምጃ ጎትተው ያጠጉ። የሚናገሩት በመጨረሻው ረድፍ ላለው አንድ ሰው ነው፤ እሱ አንገቱን ወደ ፊት ካሰገገ አልሰማዎትም ማለት ነው፤ ጮክ ከማለት ይልቅ ዝግ ብለው ይናገሩ፣ የቃላቱን መጨረሻ አይዋጡ።

መሀል ላይ የሚያቋርጥ ሰው አይጠፋም። "ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ ያቀልጣል አይደል?" ይላል። እዚያ ላይ ክርክር ከገቡ ንግግሩ አበቃ። "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ስንራመድ አብረን እናወራበታለን" ይበሉና ይቀጥሉ። ሲራመዱም ቃልዎን ጠብቀው ይፈልጉት፤ ስብ የሚያቀልጥ መጠጥ እንደሌለ፣ ሎሚው ስኳር ያለበትን መጠጥ ከተካ ግን እንደሚጠቅም ይነግሩታል።

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያው ጉዞ ንግግሩን እንዲያረጋግጥ

"ማንም ወደ ኋላ አይቀርም" ብለዋል፤ አሁን ማሳየት አለብዎ። ዘዴው በቦታ ሳይሆን በሰዓት መመለስ ነው። ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ በአሥረኛው ደቂቃ ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ባለበት ዞሮ ይመለሳል። ፈጣኑ ሩቅ ስለሄደ የሚመለሰው ሩቅ ነው፤ ዝግ ያለው ደግሞ ቅርብ ነው፤ ሁሉም መነሻው ላይ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። ፊሽካው ለፊተኞቹ ላይሰማ ስለሚችል ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ሰዓት የያዘ ሰው ይመድቡ። የመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ በሁለተኛው ሳምንት 30፣ በሦስተኛው 40 ይሁን። በመጀመሪያው ቀን 40 የሚያስኬድ አስተባባሪ በሁለተኛው ቀን ባታቸውን የያዙ ሰዎች ይቆጥራል። ደንቡ ላይ ነጥቡ የሚሰጠው ለደቂቃው ሳይሆን ለጉዞው የሆነው ለዚህም ነው።

ፍጥነቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚራመደው ሰው ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ነው። መዝፈን ከቻለ ትንሽ ያፍጥን፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ያዝግም። ለአብዛኛው አዋቂ ይህ በደቂቃ 100 እርምጃ አካባቢ ነው።

ሰባተኛ፦ የአራተኛው ሳምንት አጭር ንግግር

ማስጀመሪያውን ሲጽፉ ይህንንም አብረው ይጻፉት። ከዘጠና ሰከንድ አይበልጥም፤ የሚነገረውም ወገብ በሚለካበት በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ከጉዞው በፊት ነው። ከዚያ በፊት የመዝገብ ወረቀቱን ይዩና በተከታታይ ሁለት ጉዞ የቀሩትን ለይተው፣ አብሯቸው የተነጋገረው ሰው እንዲደውልላቸው ያድርጉ። ጥሪው "ለምን ቀረህ?" የሚል አይሁን፤ "ዓርብ አብረን እንውጣ፣ በርህ ላይ እጠብቅሃለሁ" የሚል ይሁን። ንግግሩ ይህ ነው፦

> በመጀመሪያው ቀን ሚዛኑ ይቆማል ብያችሁ ነበር። የቆመባችሁ እጃችሁን አታውጡ፤ ለራሳችሁ እወቁት። ዛሬ ማታ ወገባችሁን ለኩና ከመጀመሪያው ቀን ጋር አስተያዩት። ወገቡም ሚዛኑም ካልተነቃነቀ፣ የመረጣችሁትን የምግብ ለውጥ ተመልከቱ፤ በሳምንት ስንት ቀን በትክክል አደረጋችሁት? ከአምስት በታች ከሆነ ለውጡን አቅልሉት። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛ ለውጥ ጨምሩ። አሁን ዙሩና አዲሱን ዕቅድ ለጓደኛችሁ ንገሩ። ከዚያ እንሄዳለን።